በጣና ዳር የከተራና የጥምቀት በዓል፦ ለአስተናባሪዎች

ወንድሞችና እህቶች፣ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ፣ ጥር 11 ይመለሳሉ። ግፊያው የሚበረታው ታቦት ሲነሣ ነው። ሣር ላይ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ በአንዴ ብድግ ይላል። ስለዚህ ይህን ዛሬ ማታ አንብቡት፤ ነገ ሜዳ ላይ ጊዜ አይኖርም።

መውጫዎች

ሦስት ናቸው፦ በአስፋልቱ በኩል ትልቁ በር፣ በምሥራቅ የእግረኛ መንገድ፣ በምዕራብ የአምቡላንስ መንገድ። በሐይቁ በኩል መውጫ የለም። በአምቡላንሱ መንገድ ባጃጅም ሆነ የሸንኮራ ጋሪ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ቢል እንኳ አይቆምም። መሀሉ ከተጨናነቀ መጀመሪያ የሚገባውን ከውጭ አቁሙ፣ ከዚያ ከዳር ያለውን አስወጡ። «ሩጡ» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። የወደቀ ሰው ካያችሁ ከብባችሁ አንሡት።

የመጀመሪያ እርዳታ

አረንጓዴ ባንዲራ ያለባቸው ድንኳኖች ከትልቁ በር፣ ከዋርካው ሥርና ከጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ናቸው። በጾምና በፀሐይ የሚያዞረው ሰው ይበዛል። ጥላ ሥር አጋድሙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ነጠላውን ከአንገቱ አላሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ጠበልም ቢሆን በአፉ አትስጡ፤ ትን ይለዋል። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ። ከባድ ከሆነ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ልጅ ሲጠፋ

እናት «ልጄ ጠፋ» ስትል «ረጋ በይ» እያላችሁ ጊዜ አትፍጁ። ዕድሜውን፣ የለበሰውን ልብስና የጫማውን ቀለም ጠይቁ። ጥምቀት ላይ ሁሉም ነጭ ስለሚለብስ ጫማው ነው የሚለየው። ጠዋት የተነሣ ፎቶ ካላት ተቀበሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ወዲያው ወደ ውኃው ዳር ይሩጥ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። የበር ጠባቂዎችም ብቻውን ወይም እያለቀሰ ከሰው ጋር የሚወጣ ልጅ ካዩ ያስቁሙ።

ልጅ ያገኘ ሰው ይዞት አይዙር። እዚያው ጥቂት ይጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ እናቱ ወደዚያው ትመለሳለች። ካልመጣች ቢጫ ባንዲራ ወዳለበት ድንኳን ያምጣው። አምና የአራት ዓመት ሕፃን ሎሚ ሻጯ ጉልበት ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሴትየዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ እናቱም ያገኘችው በዚያ ምክንያት ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ምንጊዜም ሁለት ሰው ይኑር፣ አንዷ ሴት ትሁን። የልጁን ስምና መልክ በማይክ አትጥሩ። «ልጅ የጠፋባችሁ ወደ ቢጫው ድንኳን ኑ» ማለት ይበቃል። «አባቱ ነኝ» ያለ ሰው የልጁን ስምና ልብስ ራሱ ይናገር፣ መታወቂያ ያሳይ፣ ይፈርም። ልጁ አይቶት ካፈገፈገ አትስጡ፤ ፖሊስ ጥሩ፣ 991። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወላጅ ካልመጣም እንዲሁ።

ጠዋት በር ላይ ስትቆሙ ብዕር ያዙ። ወላጆች የስልክ ቁጥራቸውን በልጁ ክንድ ላይ ይጻፉ።