ስለላክሁት ገንዘብና ስለሚደርስበት ቀን

ዱባይ፣ ሐሙስ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሰይድ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

ዛሬ ደመወዜን እንደተቀበልሁ ወደ ምንዛሪ ቤት ሄጄ፣ ኮምቦልቻ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባለው ሒሳብዎ የሚገባ 1,500 ድርሃም ልኬያለሁ። በደረሰኙ ላይ በተጻፈው ምንዛሪ 57,600 ብር ይሆናል፤ የመላኪያውን ክፍያ እኔ እዚሁ ለብቻው ከፍያለሁ።

የላክሁት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እናንተ ዘንድ ባንክ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ዛሬ አይጠብቁት። የምንዛሪ ቤቱ ሠራተኛ እንደነገረችኝ፣ ወደ ሒሳብ የሚላክ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ የሥራ ቀን ስለሚገባ፣ ነገ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የባንኩ መልእክት በስልክዎ ሊደርስ ይችላል። ነገ ካልገባ ግን ቅዳሜ መስቀል፣ እሑድም የዕረፍት ቀን ስለሆነ ወደ ሰኞ መስከረም 19 ይሻገራል፤ ቢዘገይ ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ወደ ቅርንጫፉ እየተመላለሱ ሰልፍ በመያዝ አይድከሙ። ማክሰኞ ማታም ካልገባ ይደውሉልኝ፤ አቤቱታውን ደረሰኝ ይዤ ማቅረብ ያለብኝ ላኪዋ እኔ ነኝ። የደረሰኙን ፎቶግራፍ በዋትስአፕ ለብቻው ልኬልዎታለሁ፤ ስምዎንም እስከ አያት ድረስ በባንክ ደብተርዎ ላይ እንዳለው አስጽፌዋለሁ።

በመታወቂያ በጥሬው የሚወጣውን መንገድ ብመርጥ ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያህል ብር በኪስ ይዘው ከባንክ እንዲወጡ አልፈለግሁም። በሰው እጅ ብልክ ጥቂት ብር ይጨምራል ላሉኝ፣ ልዩነቱ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት እንደነበረው ሰፊ አይደለም፤ ገንዘቡ ቢጠፋ ደግሞ የምከስበት ወረቀት አይኖረኝም። ከባንክ ነን ብለው ደውለው የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቁ ሰዎች ስላሉ፣ ማንም ይሁን ማን እንዳይነግሩ አደራ።

ሲደርስ በቅድሚያ ለእማዬ የዓይን ሞራ ሕክምና 35,000 ብር ይለዩልኝ፤ ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ስለሆነ ገንዘቡ ማክሰኞ ቢገባም ይደርሳል፣ ስለዚህ ከማንም እንዳይበደሩ። ከቀረው የፋጡማን የትምህርት ቤት ክፍያ ይክፈሉ፤ ትራፊው ለቤት አስቤዛ ይሁን። የጣሪያውን ጉዳይ በዚህኛው አልቻልሁም፤ ለእሱ የሚሆነውን፣ አላህ ካለ፣ ከሚቀጥለው ወር ደመወዜ ጀምሬ በጥቂት በጥቂቱ እልካለሁ።

ብሩ ሲገባ የመጣልዎትን መልእክት ወደ እኔ ያስተላልፉልኝ። ቀን ሥራ ላይ ስልክ ስለማላነሣ፣ መደወል ከፈለጉ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት በኋላ ይሁን።

እኅትዎ ዘይነብ