«መቶ» አለ ማሽኑ

ጥያቄ፦ በሥራሽ ላይ የሠራሽውን አንድ ስህተት ንገሪን። ምን አደረግሽ?

መልስ፦

አንድ የማልረሳው አለ። 2013 ጥቅምት ላይ ነው፣ አዲሶቹ ብሮች የገቡ ሰሞን። ያኔ የባንክ ካሸር ከሆንኩ 3 ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ጀማሪ ስለነበርኩ ነው ብዬ ማመካኘት አልችልም።

እንደምታውቁት ከዚያ በፊት ትልቁ ብር 100 ነበር። አንድ እስር 100 ኖት ነው፣ 10,000 ብር። ደንበኛ «10,000» ሲለኝ እጄ ሳላስበው አንድ እስር ያነሳል። ከዚያ ባለ 200ው መጣ። እጄ ግን አልሰማም። ሰዉም አሮጌ ብር ሊቀይር ከበር ውጭ ድረስ ተሰልፎ ነበር የሚውለው።

አንድ እህል ነጋዴ 10,000 ሊያወጡ መጡ። አንድ እስር አንስቼ ማሽኑ ላይ አደረግሁ። 100 አለኝ። ሰጠኋቸው። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ የኖቱ ብዛት 100 ነው። ግን የሰጠሁት ባለ 200ውን ነበር። እሳቸውም ፌስታላቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ማታ ሂሳብ ስዘጋ 10,000 ጎደለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ዝም ነው ያልኩት። ይገኛል ብዬ ሦስቴ ቆጠርኩ። 20 ደቂቃ ያህል ለማንም አልተናገርኩም። ከብሩ ይልቅ እስካሁን የሚቆጨኝ ያ 20 ደቂቃ ነው። ምክንያቱም ለአለቃዬ ስነግራት አልጮኸችብኝም። «የወጪ ወረቀቶቹን አምጪ» ብቻ ነው ያለችው።

አብረን አንድ በአንድ አየን። የዚያን ቀን 10,000 ያወጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሴትዮ በ50 ብር ይሁንልኝ ብላኝ ስለነበር አስታወስኳት። የቀሩት እሳቸው ናቸው። ደወልን፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ካልተገኘ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ጠዋት አነሱ። «ጋሼ፣ ትናንት የሰጠሁዎትን ብር እስኪ ይዩልኝ» አልኳቸው። «ቆይ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ፌስታሉን ሲፈቱ ኮሽኮሽታው ይሰማኛል። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ውይ ልጄ» አሉ። ሳይፈቱት ነው ያደረው። ከምሳ በፊት መጥተው መለሱ።

ከዚያ ወዲህ ብር ከመስጠቴ በፊት ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ «በ200፣ 50 ኖት፣ 10,000» እላለሁ። የሚስቁብኝ ደንበኞች አሉ። ሰልፍ ሲበዛ ደግሞ ከጓደኞቼ ትንሽ እዘገያለሁ። ይሄንን ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል።