ጀናዛው ላይ ከመቆማችን በፊት

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከዙህር በኋላ እንዳትሄዱ የለመንኳችሁ ለእናታችን እንድንሰግድላት ነው። አላህ ይዘንላት። የተወሰነ ሰው ከሰገደ ከሌላው ግዴታው ይወርዳል። አንድም ሰው ካልሰገደ ግን ሁላችንም እንጠየቃለን።

ልጇ ያሰግዳል። ኢማሙ እያለ ለምን ያላችሁኝ አላችሁ። በሻፊዒ መዝሀብ ቅድሚያው የዘመድ ነው፤ አባት፣ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ከዚያ ወንድም። ሐነፊዮች ከዘመድ በፊት የመስጊዱን ኢማም ያስቀድማሉ። ሟች ራሱ የሚያሰግድለትን የተናዘዘበትም ጊዜ አለ፤ ዑመር ሱሀይብ እንዲያሰግድባቸው ተናዘዋል፣ እሱም አሰግዷል። እዚህ ልጇ ሶላቱን ያውቃል፣ ለእናቱም ከኔ ይልቅ ልቡ ይነካል። ካልቻለ እኔን ይወክለኛል።

ውዱዕ የሌለው አሁኑኑ ያድርግ። ይህም ሶላት ነው፤ ውዱዕና ቂብላ ይፈልጋል። ሩኩዕና ሱጁድ ግን የለውም። ቆመን ጀምረን ቆመን እንጨርሳለን። ሴት ስለሆነች ልጇ በወገቧ ትይዩ ይቆማል። ወንድ ቢሆን በራስጌው ነበር።

አራት ተክቢራ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ፋቲሓን በልባችሁ ሳይሆን በምላሳችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ቅሩ። ከሁለተኛው በኋላ በተሸሁድ የምንለውን ሶለዋት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ አውርዱ።

ሦስተኛው ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። የመጣነው ለዚህ ነው። «አላሁመ ኢግፊር ለሃ ወርሐምሃ፣ ወዓፊሃ ወዕፉ ዐንሃ» በሉ። አላህ ሆይ ማራት፣ እዘንላት፣ ጠብቃት፣ ይቅር በላት ማለት ነው። ዱዓው ይቀጥላል፦ ማረፊያዋን አክብርላት፣ መግቢያዋን አስፋላት፣ ነጭ ልብስ ከእድፍ እንደሚጸዳ ከወንጀሏ አጽዳት። ዐውፍ ኢብኑ ማሊክ ነቢዩ ይህን ዱዓ ለአንድ ሟች ሲያደርጉ ሰምተው፣ «ምነው ሟቹ እኔ በሆንኩ» ብለው ተመኝተዋል። ዐረብኛው የከበዳችሁ በአማርኛ ለምኑላት፤ በልባችሁ ብቻ ቢሆንም።

ከአራተኛው በኋላ «አላሁመ ላ ተሕሪምና አጅረሃ ወላ ተፍቲና በዕደሃ» ብለን እናሰላምታለን። ዘግይቶ የገባ ከኢማሙ ጋር ይቀጥል፤ ያመለጠውን ተክቢራ ኢማሙ ካሰላመተ በኋላ ይሙላ።

ነቢዩ ለኛው ንጉሥ ለነጃሺ፣ እሱ በሐበሻ እነሱ በመዲና ሆነው፣ ሶፍ አስይዘው በአራት ተክቢራ ሰግደውለታል። ዛሬ ጀናዛችን ፊታችን ነው።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ከእናታችን ገንዘብ የሚፈልግ፣ አደራ የሰጣት ካለ፣ አሁን ወይም ከቀብር በኋላ ለልጇ ይንገር። ቤተሰቡ ዕዳዋን ሊከፍል ቃል ገብቷል። የበደለቻችሁም ካላችሁ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሏት።

ሶላቱ ላይ የተገኘ አንድ ቂራጥ፣ እስኪቀበር የቆየ ሁለት ቂራጥ አጅር አለው፤ የሁለት ትላልቅ ተራሮች ያህል ነው ብለዋል ነቢዩ። መኪና ያላችሁ የሌለውን አሳፍሩ። አሁን ሶፋችሁን አስተካክሉ፤ ከሦስት ሶፍ አያንስ። ልጄ፣ ወደፊት ና።