የብሎክ 27 ጎረቤቶች ግሩፕ ደንብ

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ። የምጽፍላችሁ እኔ የ4ኛ ፎቅ ጎረቤታችሁ፣ የዚህ ግሩፕ አድሚን ነኝ። ረዘም ይላል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንበብ ለማይመቻቸው እናቶችና አባቶች ልጆች አንብቡላቸው።

ይህን ግሩፕ ስንከፍት 19 ነበርን። ያኔ የፈለግነው ውሃ ሲመጣ ለመነጋገር ብቻ ነበር። ዛሬ 93 ሆነናል። ባለቤት አለ፣ ተከራይ አለ፣ ቤቱን አከራይቶ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር አለ። ሰው ሲበዛ ወሬውም በዛ። ባለፈው ረቡዕ ውሃ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መጣ። ጥበቃችን ወዲያው ጻፈልን። መልእክቱ ግን በ"ደህና እደሩ" ስቲከርና በፎርዋርድ ቪዲዮ ተሸፈነና ብዙዎቻችን ጠዋት ባዶ ሮቶ ይዘን ተነሳን። አራስ ያለችበት ቤትም ውሃ ሳይቀዳ ቀረ።

ከዚያ የከፋው ግን መርዶ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ሚያዝያ ላይ የ3ኛ ፎቋ እናታችን ሆስፒታል አረፉ። ልጃቸው ዱባይ ነች፤ እሷም እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለች። ወንድሞቿ እዚያ ያሉ ጓደኞቿን አስተባብረው፣ ከሥራ ስትወጣ ቤቷ ሄደው እንዲያረዷት ተነጋግረው ነበር። እነሱ ሳይደርሱ አንዳችን "ነፍስ ይማር" ብለን ከሻማ ጋር ለጠፍን። የለጠፈው ሰው ክፉ አላሰበም፤ አዝኖ ነው። እሷ ግን የእናቷን ሞት ሥራ ቦታ ቆማ፣ ብቻዋን፣ ከስልኳ ላይ አነበበች። ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። "ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ጻፊው" ብላኛለች።

መርዶ እኛ አገር ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ እጅ ባለበት ነው የሚነገረው። ስለዚህ የሞት ዜና እዚህ የሚጻፈው የሟች ቤተሰብ "አሁን ይነገር" ካለ በኋላ ብቻ ነው። የሚጽፈውም የዕድራችን ጸሐፊ ወይም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ነው። ሌላው የሰማ ሰው ወደ ለቅሶው ቤት ይሂድ እንጂ ስልክ አያንሳ። በስህተት የተለጠፈ ካያችሁ ምላሽ አትጻፉበት፤ በስንትም ሰዓት ቢሆን ደውሉልኝ፣ አጠፋዋለሁ። ያን ቀን ተኝቼ ነበርና 40 ደቂቃ ቆየ። አሁን የ1ኛ ፎቁ ወንድማችን ሁለተኛ አድሚን ሆኗል፤ እኔ ካላነሳሁ እሱ ያነሳል።

ግሩፑ ለምንድን ነው? ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለፓምፕ፣ ለጥበቃና ለጽዳት፣ ለስብሰባ፣ ለለቅሶና ለደስታ፣ ለጠፋ ልጅ፣ ለጠፋ ቁልፍ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከውሃና ከአስቸኳይ ነገር በቀር ምንም አይጻፍ። ሌሊት ስልኩ ሲጮህ ሁላችንም "ውሃ መጣ" ብለን እንድንነሣ እፈልጋለሁ። አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ እዚህ አትጻፉ፤ ደውሉ። ፖሊስ 991፣ እሳት 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ቁጥሮቹን ከላይ ፒን አድርጌአቸዋለሁ።

የበዓል መልካም ምኞት ደስ ይለኛል። ለገናም ለፋሲካም፣ ለረመዳንም ለአረፋም እንመራረቅ። ለአንድ በዓል ከአንድ ቤት አንድ መልእክት ይበቃል። የሃይማኖት ክርክር ግን አይገባም፤ ፖለቲካም እንደዚያው። አንድ ደረጃ እየወጣን፣ አንድ ግቢ ልብስ እያሰጣን ነው የምንኖረው። ብሔርን ወይም እምነትን የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ሳየው አጠፋዋለሁ፣ ማስጠንቀቂያም አልሰጥም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያንም እንደሚመለከት እወቁ። "ፎርዋርድ ነው፣ እኔ አልጻፍኩትም" የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። ያላረጋገጣችሁትን አታምጡ።

የሰው ስምና ፎቶ። አንድ ቤት ዕቃ ጠፋ ተብሎ የቤት ሠራተኛዋ ፎቶ "ሌባ" ተብሎ ተለጥፎ ነበር። ዕቃው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ልጅቷ ግን ያን ፎቶ ካየ ሰው ጋር እስከ ዛሬ በደረጃ ትተላለፋለች። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዲደገም አልፈልግም። የጠረጠራችሁት ሰው ካለ ለፖሊስ አመልክቱ። የሌላ ሰው ልጅ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጠፍም። የጥበቃ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስምም እዚህ አይወጣም፤ ገንዘብ ያዣችን በር አንኳኩታ ታነጋግራለች። ላይኛው ቤት ቡና ሲወቀጥ ከረበሸን፣ ታችኛው ቤት ሙዚቃው ከበዛ፣ ወጥተን እናንኳኳ። ፊት ለፊት በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ነገር በጽሑፍ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ገንዘብ ላይ በጣም እንጠንቀቅ። ባለፈው ወር የአንድ ጎረቤታችን ቴሌግራም ተጠለፈ። በእሳቸው ስምና ፎቶ "5,000 ብር ቸገረኝ፣ ነገ እመልሳለሁ" እያለ ለብዙዎቻችን በውስጥ ጻፈ። ሁለት ሰው ልኳል። እንግዲህ ማንም ብር ቢጠይቃችሁ፣ እኔም ብሆን፣ ደውላችሁ ድምፅ ሳትሰሙ አትላኩ። ቴሌግራም የሚልክላችሁን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጡ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱ፤ ያልገባው ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣና አብረን እንከፍታለን። ለብሎኩ መዋጮ የሚሰበሰብበት የባንክ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ደረጃው ሥር ሰሌዳው ላይ በወረቀት ተለጥፏል። እዚህ ግሩፕ ላይ "ቁጥሩ ተቀይሯል" የሚል ካያችሁ ውሸት ነው።

የሚሸጥ ዕቃ፣ እንጀራ፣ በርበሬ፣ የልጆች ልብስ ያላችሁ ቅዳሜ ቀን ለጥፉ። ጎረቤት ከጎረቤት ቢገዛ ደስ ይለኛል። የውጭ ማስታወቂያና "በቀን ይህን ያህል አትርፉ" የሚል ሊንክ ግን ወዲያው ይጠፋል።

የድምፅ መልእክት ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። መጻፍ ለማይችሉ ታላላቆቻችን ይህ ገደብ የለም፤ እንደፈለጉ ይናገሩ።

ደንብ የጣሰ ምን ይሆናል? መጀመሪያ መልእክቱን አጥፍቼ በውስጥ እነግረዋለሁ። እዚህ ሰው ፊት አልገሥጽም። ከተደገመ ለ7 ቀን መጻፍ ይዘጋበታል፤ ማንበብ ግን ይችላል። የቤቱ ልጆች እናታቸው ስለተናደደች ውሃ ሊያመልጣቸው አይገባም። ከግሩፕ ማስወጣት የብሎክ ኮሚቴው ውሳኔ ነው። እኔ ብቻዬን ማንንም አላስወጣም። የእኔ መልእክት ደንቡን ከጣሰ ሁለተኛው አድሚን ያጠፋዋል፤ ተስማምተናል። ቤት የለቀቀ ተከራይ ሲወጣ ይንገረን፣ አዲስ የገባ ሰው ደግሞ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ይጻፍልን።

ደንቡ ከመጪው ሰኞ ይጀምራል። የማትስማሙበት ነገር ካለ እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግቢው ውስጥ፣ ከግራር ዛፉ ሥር እንገናኝ። ቡና እኔ አፈላለሁ፤ ስኒ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔ ስድስት ብቻ ነው። መውጣት የማይችሉ በውስጥ ይጻፉልኝ ወይም ልጅ ይላኩብኝ።

ዛሬ ማታ ፓምፑን የሚያበራው የ2ኛ ፎቁ ወንድማችን ነው። ውሃ ከመጣ እሱ ብቻ ይጽፋል። እባካችሁ ከሥሩ "እሺ" እንኳ አትጻፉ።