ለጁኒየር ቴስት አውቶሜሽን ኢንጂነር የሥራ መደብ የቀረበ ማመልከቻ

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለሶፍትዌር ጥራት ቡድን ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በቴስት አውቶሜሽን ኢንጂነርነት ለመቀጠር ማመልከትን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ፣

ያወጣችሁት ማስታወቂያ ፓይተንና ፕሌይራይት የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ ማኑዋል ቴስቲንግ ላይ የሠራ ቢሆን ይመረጣል ይላል። ማኑዋሉ እንጀራዬ ነው፤ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፓይተኑንና ፕሌይራይቱን ግን ማታ ማታና ቅዳሜ ራሴን አስተምሬ ነው የያዝኩት። ሰርተፍኬት የለኝም። ከፍታችሁ ልታዩትና በራሳችሁ ኮምፒውተር ልታስኬዱት የምትችሉት ፕሮጀክት ግን አለኝ። ደብዳቤዬም በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

አሁን የምሠራው ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ሲስተም በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው። አዲስ ሪሊዝ በመጣ ቁጥር ሪግሬሽኑን በእጄ እሄድበታለሁ፤ ብድር መክፈት፣ ወለድ ማስላት፣ ደረሰኝ ማተም፣ የወር መዝጊያ ሪፖርት ማውጣት። ቴስት ኬዞቹ ኤክሴል ላይ ናቸው፣ ብዙዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ቅርንጫፍ ድረስ እየሄድኩም ገንዘብ ተቀባዮች ሲሠሩ አያለሁ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ሁለቴ ሦስቴ ይጫኑታል። ስልክ ቁጥር አንዱ በ09፣ አንዱ በ07፣ ሌላው በ+251 ይጀምራል። ስም የሚጽፉት እንደ ለመዱት ነው። እነዚህ ነገሮች ስፔክ ላይ አይጻፉም፤ ሲስተሙ የሚሰበረው ግን እዚያ ጋ ነው። አውቶሜሽን ልማር ስነሳም ቱቶሪያሎቹ ላይ ያለውን የመለማመጃ ሱቅ ትቼ እኔ የማውቀውን ችግር የያዘ ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

አንድ ወዳጄ የእቁብ መመዝገቢያ ዌብ አፕ እየሠራ ነበር። አባላት ይመዘገባሉ፣ ሳምንታዊ መዋጮ ይገባል፣ ዕጣ የወጣለት ይያዛል፣ የቀጣዩ ክፍያ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይወጣል። ቴስት የሚባል ነገር አልነበረውም። ኮዱን አንተ፣ ቴስቱን እኔ ተባብለን ጀመርን።

መጀመሪያ የያዝኩት ቀኑን ነው። ሳምንታዊ እቁብ ሰባት ቀን መደመር ብቻ ይመስላል፤ ጳጉሜን እስኪመጣ ድረስ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን አላት፣ በሌሎቹ 5። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ 2016 ደግሞ አይደለም። ስለዚህ ነሐሴ 30 የከፈለ አባል ቀጣይ ቀኑ እንደ ዓመቱ ይለያያል። ቴስቱ ይኸውላችሁ፦

```python
@pytest.mark.parametrize("paid, due", [
    ("ነሐሴ 30 ቀን 2015", "መስከረም 1 ቀን 2016"),
    ("ነሐሴ 30 ቀን 2016", "መስከረም 2 ቀን 2017"),
])
def test_weekly_due_date(equb_page, paid, due):
    equb_page.record_payment(paid)
    expect(equb_page.next_due).to_have_text(due)
```

ሁለተኛው መስመር አለፈ፣ የመጀመሪያው ወደቀ። አፑ ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። እንዲህ ያለ ባግ በማኑዋል ቴስት ሊያመልጥ ይችላል፤ ተራ ዓመት ላይ ለሚሞክር ሰው ሁሉም ነገር ደህና ነው። ቀጣዩ ባለ 6 ቀን ጳጉሜን በ2019 ነው የሚመጣው። እስከዚያ ማንም ሳያየው ተጠቃሚ እጅ ይገባ ነበር።

ቀንን በተመለከተ ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ብሮውዘሩ ላይ የዛሬን ቀን በ`toISOString()` የሚወስድ ኮድ ካለ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የገባ ክፍያ በትናንት ቀን ይመዘገባል። ሌሊት ማን እቁብ ይከፍላል ትሉ ይሆናል። የማታ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ይከፍላል፤ በስልክ ከሆነማ ምን ቸገረው። ይህን ለማየት ሌሊት መቀመጥ አላስፈለገኝም። የፕሌይራይትን ኮንቴክስት በ`timezone_id="Africa/Addis_Ababa"` ከፍቼ፣ በ`page.clock` ሰዓቱን ሌሊት 7 ላይ አቆምኩት። ባጉ እዚያው ታየ።

ሦስተኛው የቅርንጫፎቹ ነገር ነው፣ ቁልፍ ሁለቴ የሚጫኑት። በእጅ ለማሳየት አስቸጋሪ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ኔትወርኩ ፈጣን ሲሆን ባጉ ይደበቃል፣ ዴቨሎፐሩም «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። በ`page.route` የሰርቨሩን መልስ ሆን ብዬ አዘገየሁት፣ ቁልፉን በ`dblclick()` ተጫንኩ፣ ከዚያ ስክሪኑን ትቼ ኤፒአዩን ጠየቅኩ፤ ስንት ክፍያ ተመዘገበ? ሁለት። ወዳጄ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ እንዲዘጋ አደረገ። ቴስቱ ግን አሁንም አልረካም፤ ገጹ ሪፍሬሽ ተደርጎ እንደገና ቢላክስ? ለዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ኖሮት፣ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አዲስ መዝገብ እንዳይከፍት ተደረገ። የእናንተ ምርት የነጋዴዎች ክፍያ ስለሆነ ይህኛውን ቴስት ከሁሉ አስቀድማችሁ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል።

የስም ፍለጋም አለ። ጸሐፊው «ፀሐይ» ብሎ የመዘገባትን አባል ገንዘብ ያዡ «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልጋት አይመጣም፣ ስለዚህ እንደ አዲስ ይመዘግባታል። አንዲት ሴት ሁለት አባል ሆነች ማለት ነው፤ ዕጣ ሲወጣ ጭቅጭቅ ነው። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እያቀያየረ የሚፈትሽ አንድ ቴስት ጻፍኩ። ዳታው ብቻውን በሌላ ፋይል ስለተቀመጠ፣ ኮድ የማይነካ ሰውም ስም ሊጨምርበት ይችላል።

ስለ አሠራሩ ባጭሩ ልንገራችሁ። የገጾቹ ዝርዝር በፔጅ ኦብጀክት ተለይቶ ተቀምጧል፤ ቴስቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚፈተሽ ይገባዋል። ኤለመንት የማገኘው በአብዛኛው በ`get_by_role` እና በ`get_by_label` ነው። ረጅም ኤክስፓዝ አልወድም፤ ዲዛይነሩ አንድ ሳጥን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቴስት መጠገን ሥራ አይደለም። `time.sleep` የትም አታገኙም። ፕሌይራይት በራሱ ይጠብቃል፣ `expect` ደግሞ ጊዜው እስኪያልቅ ደግሞ ደግሞ ይሞክራል። እያንዳንዱ ቴስት የራሱን እቁብና የራሱን አባላት ፈጥሮ ይነሳል፤ አንዱ የሌላውን ዳታ አይጠብቅም፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሄዱ ውጤቱ ያው ነው። ኮድ ፑሽ በተደረገ ቁጥር ሁሉም ጊትሃብ አክሽንስ ላይ ይሄዳል፤ የወደቀ ካለ ትሬሱ ተያይዞ ይቀመጣል። ያንን ትሬስ ቪውወር ላይ ከፍቶ በየደረጃው ምን እንደሆነ ማየት፣ እኔ ለዓመታት ባግ ሪፖርት ላይ በስክሪንሾትና በረጅም ማብራሪያ የምለፋበትን ነገር በአንድ ፋይል ይጨርሰዋል።

አንዳንዱን ደግሞ ሆን ብዬ በእጅ ትቼዋለሁ። ደረሰኙ ሲታተም ፊደሉ ይቆረጥ አይቆረጥ፣ የስህተት መልእክቱ ለእናቶቻችን ይገባል አይገባም፣ አዲስ ስክሪን መጀመሪያ ሲታይ ምን ያደናግራል፣ ይህን ዓይን ይየው። ሁሉንም አውቶሜት እናድርግ የሚል ሰው ሳይ እጠረጥራለሁ። የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው። ገንዘብ የሚነካ፣ ደጋግሞ የሚሠራ፣ ወይም በእጅ ለማምጣት የሚያስቸግር ሁኔታ ከሆነ ኮድ ይሁን። ስክሪኑ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ትንሽ ይርጋ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ማስታወቂያችሁ ላይ ሞባይልም ተጠቅሷል። አፒየምን አልሠራሁበትም። አንድሮይድ አፕ በእጅ ብዙ ፈትሻለሁ፤ ሎግካት አነባለሁ፣ ኢሙሌተር አነሳለሁ፣ ርካሽ ስልክ ላይና ደካማ ኔትወርክ ላይ መሞከሬን አልተውም። ሎድ ቴስትም ገና ነው። ኤስኪውኤል ግን የዕለት ሥራዬ ነው፣ ፖስትማንም እንደዚሁ፤ ወለድ በትክክል መሰላቱን ስክሪኑን አምኜ አላውቅም፣ ዳታቤዝ ገብቼ አያለሁ።

ይህን ሁሉ አሁን ባለሁበት ለምን አልሠራውም የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ኢንተርቪው ላይ ከምትጠይቁኝ አሁኑኑ ልመልሰው። የወለድ ስሌቱን ሪግሬሽን በፓይተስት ጽፌ ለቡድኑ አሳይቻለሁ፤ ወደውታል፣ እስካሁንም እየተጠቀሙበት ነው። ነገር ግን ድርጅቱ የአውቶሜሽን መደብ የለውም፣ በቅርቡም አይከፍትም። ኮዴን የሚገመግምልኝ፣ «ይሄ እንዲህ ቢሆን ይሻላል» የሚለኝ ሰው የለም። እናንተ ጋ ሲኒየር አውቶሜሽን ኢንጂነሮች እንዳሉና ቴስት ኮድም እንደ ማንኛውም ኮድ ሪቪው እንደሚደረግ ማስታወቂያው ላይ አነበብኩ። ያመለከትኩበት ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። ጁኒየር በሚል መደብ መጀመሩ አይከብደኝም፤ የደመወዙን ጉዳይ ቁጭ ብለን ብንነጋገርበት ይሻላል።

የፕሮጀክቱ ሊንክ ሲቪዬ ላይ፣ ከስልኬና ከኢሜይሌ ቀጥሎ ተቀምጧል። ኮዱን በይፋ ያስቀመጥነው በወዳጄ ፈቃድ ነው፤ ውስጡ ያሉት ስሞችና ስልኮች ሁሉ የፈጠራ ናቸው። ለማስኬድ ፓይተን ብቻ ይበቃችኋል፦

```
pip install -r requirements.txt
playwright install chromium
pytest --tracing retain-on-failure
```

ኢንተርቪው ብትጠሩኝ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ። ከፈለጋችሁ እዚያው ከራሳችሁ ሲስተም አንድ ስክሪን ስጡኝና መጀመሪያ ምን እንደምፈትሽ፣ የትኛውን ወደ ኮድ እንደምቀይር፣ የትኛውን እንደምተው እያሰብኩ ላሳያችሁ። አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን ስልኬ ክፍት ነው።

ከሰላምታ ጋር
ሰላማዊት

አባሪ፦ ሲቪ፣ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ