አምስቱ ቁጥሮች

ሰውየው ስሟን ከነአባቷ ስም ጠራ። የትምህርት ክፍሏንም ያውቃል፤ ስታቲስቲክስ፣ አራተኛ ዓመት። ሰላማዊት አራት ኪሎ ባለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የመመረቂያ ጽሑፏን ሠንጠረዦች እያስተካከለች ነበርና ሰው እንዳትረብሽ ስልኩን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ድምፁ የተረጋጋ ነው። ከጀርባው ሌሎች ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማል፤ እውነተኛ ቢሮ ይመስላል።

«ለሥራ ልምምድ ተመዝግበሽ ነበር አይደል እህቴ? ስምሽ ከተመረጡት ውስጥ አለ። አሁን ወደ ሠልጣኞቹ የቴሌግራም ቡድን እያስገባንሽ ነው። አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይደርስሻል፤ እሱን ብቻ ታነቢልኛለሽ።»

በእርግጥም ተመዝግባ ነበር። ተማሪዎች ሲቀባበሉት በነበረ አንድ ቅጽ ላይ ስሟን፣ ስልኳንና የትምህርት ክፍሏን ሞልታለች። ቅጹን የከፈተ ሁሉ የሞላውን ሁሉ ስም ከነስልክ ቁጥሩ ማየት ይችል ነበር። ሰውየው ያወቀው ከዚያ በላይ አልነበረም። ነገር ግን በግንቦት ወር ሥራ ሲያሳስባት ለከረመች ተመራቂ ያ በቂ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር «እንዴት ቁጥሯን ትሰጣለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለእሷ አይመስለኝም። ሰውየው የደወለው ስትጠብቀው የነበረውን ነገር ይዞ ነው።

ቁጥሩ መጣ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ይህን ኮድ ለማንም አትስጡ፤ ከቴሌግራም ነን ቢሏችሁም እንኳ» የሚል ጽሑፍ አለ። ዓይኗ ቁጥሩ ላይ እንጂ ጽሑፉ ላይ አላረፈም። ገልብጣ በመልእክት ልትልክለት ስትል ሰውየው ፈጠን ብሎ ከለከላት።

«አትጻፊልኝ፤ በቃል ንገሪኝ። ሌሎቹም መስመር ላይ እየጠበቁ ነው።»

አነበበችለት። አመሰገናት፣ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ እንደሚላክላት ነገራት፣ መልካም ምረቃ ተመኘላትና ዘጋ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ምንም የተለየ ነገር አላየችም። ከዚያ አክስቷ እትዬ አስካለ ደወሉ። እትዬ አስካለ ሰባ ደረጃ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ሰላማዊትን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«ደረሰሽ የኔ ልጅ?»

«ምኑ እቴቴ?»

«ብሩ ነዋ። አራት ሺህ አምስት መቶውን። የመጽሔቱን።»

ሰላማዊት መጀመሪያ የመሰላት አክስቷ ከሌላ ሰው ጋር አምታተዋት ነው። ስልኩን ሳትዘጋ ቴሌግራሟን ከፍታ ከአክስቷ ጋር የምትጻጻፍበትን ገጽ አየች። የመጨረሻው መልእክት የትናንት ማታ ነው፤ «ደህና እደሪልኝ» ይላል። የዛሬ ምንም የለም።

«እቴቴ፣ እኔ ምንም አልጻፍኩልሽም።»

ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ የእትዬ አስካለ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፤ «እንዴት አልጻፍሽልኝም? ይኸው እጄ ላይ ነው።»

ከአራት ኪሎ እስከ ሱቁ በእግሯ ወረደች። ታክሲ መጠበቅ አልቻለችም። የሠራተኛው መውጫ ሰዓት ስላልደረሰ መንገዱ ገና አልተጨናነቀም ነበር፤ እሷ ግን የምትሮጥ ያህል ትራመድ ስለነበር የሚያልፏት ሰዎች ዞር እያሉ ያዩዋታል። አክስቷ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ምንም ሳይሉ አቀበሏት።

«እቴቴዋ እንዴት ዋልሽልኝ። እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ። የምረቃ መጽሔት ክፍያ ዛሬ ነው የሚያበቃው፤ የኔ ቴሌብር አልሠራ ብሎኛል። በጓደኛዬ ቁጥር ላኪልኝ፤ ደመወዝ ስይዝ እጥፍ አድርጌ እከፍልሻለሁ። እወድሻለሁ።»

ሰላማዊት ሦስት ጊዜ አነበበችው። «እቴቴዋ» የሚለው የእሷ ነው፤ ከእሷ በቀር ማንም አክስቷን እንዲህ አይጠራም። «ደመወዝ ስይዝ» የሚለውም የእሷ ነው፤ ባለፈው ዓመት ጫማ ሲገዙላት ይህንኑ ጽፋ ነበር። ሰውየው ተቀምጦ አንብቧታል ማለት ነው። ከአክስቷ ጋር የተጻጻፈችውን ወደ ኋላ እየሄደ አንብቦ፣ እንዴት እንደምትለምን፣ እንዴት እንደምታፍርና እንዴት እንደምትሳሳ አጥንቷል። ገንዘቡ ከባድ ነው፤ ለእትዬ አስካለ የብዙ ቀን ትርፍ ነው። ሰላማዊትን ሱቁ ውስጥ ያስለቀሳት ግን የገንዘቡ መጠን አልነበረም። ከአንደበቷ የወጣውን ፍቅር ባዕድ ሰው እንደ መክፈቻ ቁልፍ ተጠቅሞበታል።

«የወንድ ስም ነበር የወጣው» አሉ እትዬ አስካለ። «ብሩን ልልክ ስል ስም አሳየኝ። የጓደኛዋ ነው አልኩ። መደወል ነበረብኝ። ግን ገንዘብ ጠይቀሽኝ አታውቂምና… ካፈረች ችግር ላይ ናት ብዬ ቶሎ ላኩት።»

ያን ጊዜ ዮናስ ደወለ። የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ እሷ የክፍሉ ተወካይ ስትሆን የመጽሔቱን ገንዘብ አብረው ይሰበስባሉ። በክፍሉ ቡድን ውስጥ በስሟ አዲስ የገንዘብ መላኪያ ቁጥር ተለጥፏል። ሁለት ልጆች ከፍለዋል፤ ሌሎቹን እሱ አስቁሟል።

«ቴሌግራምሽ አሁንም ስልክሽ ላይ ይከፈታል?» አላት።

«ይከፈታል።»

«እንግዲያው አልረፈደም። Settings ውስጥ ገብተሽ Devices የሚለውን ክፈቺ።»

ከፈተችው። ከራሷ ስልክ በታች አንድ የማታውቀው ስልክ ተመዝግቧል፤ ሰውየው አሁንም ውስጥ ነበር። ዮናስ እየመራት Terminate All Other Sessions የሚለውን ነካች፤ ያ ስልክ ከዝርዝሩ ጠፋ። ሰውየው ለምን እሷን ቀድሞ እንዳላስወጣት ዮናስ በኋላ ነው የነገራት። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሩን ወዲያው እንዲያባርር አይፈቅድም፤ አንድ ቀን ያህል ማለፍ አለበት። በማግስቱ ቢሆን ኖሮ ውጭ የምትቀረው እሷ ነበረች። መልእክቶቹንም ያላየችው ሰውየው ከላከ በኋላ ከእሷ ወገን ብቻ እያጠፋቸው ስለነበር ነው፤ ከሌላ መሣሪያ መገባቱን የሚናገረውን ማስጠንቀቂያም እንዲሁ። ቁጥሩን በጽሑፍ እንዳትልክለት የከለከላትም በምክንያት ነው፤ የመግቢያ ቁጥር በቴሌግራም መልእክት ለሌላ ሰው ከተላከ ቴሌግራም ቁጥሩን ይሰርዘዋል።

ሰውየው ግን አንድ ነገር ትቶ ሄዷል። አካውንቷ ላይ የራሱን የይለፍ ቃል አስቀምጦበታል። እሷ ስለገባች መጠቀም ትችላለች፤ የይለፍ ቃሉን ሳታውቅ ግን ልትቀይረው አትችልም። እንዲነሣ ጠየቀች፤ ሰባት ቀን ጠብቂ ተባለች።

ወደ ቴሌብር የደንበኞች አገልግሎት ደወሉ። ገንዘቡ ወጥቷል። በአቅራቢያው ባለው ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን የተቀበላት መርማሪ ወጣት ነበር፤ ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚታይ ነግሯት ከአክስቷ ስልክ ላይ የመልእክቱንና የክፍያውን ምስል ወሰደ።

«የላኩበት ቁጥር በስሙ የተመዘገበው ሰው ራሱ ሌባው ላይሆን ይችላል» አላት። «እንዲያም ሆኖ መዝግበነዋል። ምንም ነገር እንዳታጠፊ።»

ያን ማታ ዶርም ተመልሳ ለክፍሉ ቡድን ጻፈች። ዮናስ «ተጠልፎ ነበር በይና እለፊው» ብሏት ነበር፤ እሷ ግን አላለፈችውም። የደወለላትን ሰው፣ የተናገረውን፣ ቁጥሩን በቃል ማንበቧን፣ ሁሉን በተራ ዘርዝራ ጻፈች። መጨረሻው ላይ፣ «በስሜ ገንዘብ የከፈላችሁ ሁለት ልጆች የመጽሔቱን እንደከፈላችሁ ይቆጠራል፤ ጉድለቱን እኔ እሞላለሁ። ያንን ቅጽ የሞላችሁ ሁሉ ነገ ሊደወልላችሁ ይችላል» አለች። ሦስት ሴት ልጆች ለብቻዋ ጻፉላት። ለአንዷ በዚያው ቀን ተደውሎላት፣ ክፍል ውስጥ ስለነበረች አላነሣችውም ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰላማዊት ምሳ በልታ ከካፌ ስትወጣ ስልኳ ጠራ። ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ድምፁ ያው ነው።

«ከቴሌግራም የደህንነት ክፍል ነው እህቴ። አካውንትሽ ተጠልፎ እንደነበር ደርሰንበታል። ለማስመለስ አሁን አምስት አሃዝ ቁጥር ልከንልሻል…»

ቁጥሩ በእርግጥም መጥቶ ነበር። በዚያች ቅጽበት እዚያ በሌላኛው ጫፍ ሰውየው በሯ ላይ ቆሞ እየገፋ እንደሆነ ታያት። እጇ ተንቀጠቀጠ። ልትጮህበት ትችል ነበር፤ ያልጮኸችው ልትጠይቀው የምትፈልገው ነገር ስለነበራት ነው።

«አክስቴን እቴቴዋ ብለህ የጻፍክላት አንተ ነህ?»

ምላሽ የለም። ከጀርባው ያ የሰዎች ጫጫታ አሁንም ይሰማል።

«ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ካፈረች ችግር ላይ ናት ብላ ነው የላከችልህ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰላማዊት የደወለበትን ቁጥርና ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ መርማሪው ወሰደችው።

ሰባተኛው ቀን ሲያልፍ የሌባው የይለፍ ቃል ተነሣ። ዮናስ እንደመከራት ረጅም አድርጋ የራሷን አስቀመጠች፤ ከእንግዲህ አምስቱን ቁጥር ያገኘ ሰው እንኳ ያለሱ አይገባም። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደች። እትዬ አስካለ ለደንበኛ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሸጠው ሲጨርሱ ስልካቸውን ከመሳቢያው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«የኔንም እንደዚያው አድርጊልኝ። ወንድሜ ከውጭ የሚደውልልኝ በዚህ ነው።»

የሚጻፍበትን ገጽ ከፈተችላቸው። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲህ ብዬ ልጻፈው? የእናቴን ስም…» ሲሉ ሰላማዊት እጇን አንሥታ አቋረጠቻቸው።

«ለእኔም አትንገሪኝ እቴቴ።»

«ላንቺም?»

«ለእኔም። የቤተሰብ ስም ደግሞ አይሁን፤ ሰው የማይገምተው ይሁን። ስትጨርሺ ይህችን ንኪያት።»

ስልኩን ወደ አክስቷ አዞረችው፤ እሷም ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። እትዬ አስካለ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለጉ መጻፍ ጀመሩ።