ክፍልፋይ ያለበትን እኩልታ መፍታት፦ x በሁለቱም ጎን ሲገኝ

ይህ ወረቀት ለ8ኛ ክፍል የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀ ነው። የምንፈታው ይህን እኩልታ ነው፦

(3x − 2)/4 − (x + 3)/6 = x/3 + 1

ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ እያንዳንዱን መስመር አብራችሁ ጻፉ። በዓይን ብቻ ሲከተሉት ሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ የሚወጣው እጅ ሲጽፍ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ስምምነት አለን። «ምልክት ቀይሮ ማሻገር» የሚባለውን እዚህ አንጠቀምም። በእኩልታ ውስጥ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገር ነገር የለም። በግራ ጎን ያደረግነውን ያንኑ በቀኝ ጎንም እናደርጋለን፣ እሱም በጽሑፍ ይታያል። ማሻገርን የለመደ ተማሪ በመደመርና በመቀነስ ላይ ትክክለኛ መልስ ያገኝና ማባዛት ላይ ሲደርስ ይወድቃል፦ 3x = 24 ሲያይ 3ን «አሻግሮ» x = 24 − 3 ብሎ ይጽፋል። 3 ከx ጋር የተባዛ ስለሆነ ግን የሚፈታው በማካፈል እንጂ በመቀነስ አይደለም። ሁለቱንም ጎን ምን እንዳደረጋችሁ ብትጽፉ ኖሮ ይህ ስህተት ገና ከብዕሩ ሳይወጣ ይታያችሁ ነበር።

የእኩል ምልክቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ሮበርት ሬኮርድ የተባለው የዌልስ ሰው በ1557 በታተመ መጽሐፉ = ን ሲያስተዋውቅ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሚሆን ነገር የለም ብሎ ነው። ስለዚህ = ማለት «መልሱ ይኸውና» ማለት አይደለም፤ «ግራውና ቀኙ እኩል ናቸው» ማለት ነው።

ቅንፍ እናድርግ

የክፍልፋይ መስመር ራሱ ቅንፍ ነው። በደብተራችሁ ላይ 3x − 2 ከላይ፣ 4 ከታች ሆኖ ሲጻፍ ቅንፉ አይታይም፤ ግን 4 የሚያካፍለው 3xንም 2ንም ነው። መስመሩ ሲጠፋ ቅንፉ አብሮ እንዳይጠፋ ከአሁኑ በእያንዳንዱ ላዕል ዙሪያ ጻፉት። ከዚህ በኋላ ከሚመጡት ስህተቶች ትልቁ የሚጀምረው ይህ ቅንፍ ሲረሳ ነው።

የጋራ ብዜት

ታህቶቹ 4፣ 6 እና 3 ናቸው። የ6ን ብዜቶች እንቁጠር፦ 6 ለ4 እኩል አይካፈልም፤ 12 ለ4ም ለ3ም ይካፈላል። ስለዚህ ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ነው። 24ን ብትመርጡም መልሱ አይበላሽም፤ 14x − 24 = 8x + 24 ላይ ትደርሱና ቁጥሮቹ በከንቱ ይከብዷችኋል እንጂ። ሦስቱን ታህቶች አባዝቶ 72 መውሰድም ይቻላል፣ ግን ቁጥር በተለቀ መጠን የማባዛት ስህተት ይበዛል።

ሁለቱንም ጎን በ12 ማባዛት

12 · [ (3x − 2)/4 − (x + 3)/6 ] = 12 · [ x/3 + 1 ]

12 ዜሮ ስላልሆነ ሁለቱንም ጎን በእሱ ማባዛት እኩልነቱን አይለውጥም። ይህን መስመር ሳትዘሉ ጻፉት። ትልቁ ቅንፍ የሚነግረን 12 ወደ እያንዳንዱ ቁም እንደሚገባ ነው፤ ክፍልፋይ ወዳልሆነው 1ም ጭምር፦

12·(3x − 2)/4 − 12·(x + 3)/6 = 12·x/3 + 12·1

አሁን 12 ÷ 4 = 3፣ 12 ÷ 6 = 2፣ 12 ÷ 3 = 4፦

3·(3x − 2) − 2·(x + 3) = 4x + 12

ክፍልፋዮቹ አልቀዋል፣ ቅንፎቹ ግን አሉ።

ቅንፍ መፍታት

3·(3x − 2) = 9x − 6

−2·(x + 3) = −2x − 6

ሁለተኛው ላይ ቆም በሉ። ከቅንፉ ፊት ያለው ቁጥር 2 ሳይሆን −2 ነው። እሱ xንም 3ንም ያባዛል፤ (−2)·3 = −6 ነው። አንድ ላይ ስናስቀምጥ፦

9x − 6 − 2x − 6 = 4x + 12

በግራ ጎን ተመሳሳዮቹን እናሰባስብ፦ 9x − 2x = 7x፣ −6 − 6 = −12።

7x − 12 = 4x + 12

እዚህ ላይ ያደረግነው ግራ ጎንን ማሳጠር ብቻ ነው። ዋጋው ስላልተለወጠ በቀኝ ጎን የምናደርገው ነገር የለም። ይህን ልዩነት ያዙት፤ አንዱን ጎን ማሳጠር ሌላውን አይነካም፣ አንዱን ጎን መለወጥ ግን ሌላውንም ይለውጣል።

xን በአንድ ጎን መሰብሰብ

x በግራ 7 ጊዜ፣ በቀኝ 4 ጊዜ አለ። ትንሹን፣ ማለትም 4xን፣ ከሁለቱም ጎን እንቀንስ፦

7x − 12 − 4x = 4x + 12 − 4x

3x − 12 = 12

ትንሹን የመረጥነው የቀረው x ፖዘቲቭ እንዲሆን ነው። 7xን ብትቀንሱ −12 = −3x + 12 ይሆናል፤ እሱም ትክክል ነው፣ ግን ተጨማሪ የኔጌቲቭ ምልክት ይዛችሁ ትጓዛላችሁ።

በሁለቱም ጎን 12 እንደምር፦

3x − 12 + 12 = 12 + 12

3x = 24

ሁለቱንም ጎን ለ3 እናካፍል፦

3x/3 = 24/3

x = 8

ስትጽፉ እያንዳንዱ እኩልታ የራሱ መስመር ይኑረው። 3x − 12 = 12 = 3x = 24 ብሎ በአንድ መስመር መቀጠል 12 ከ24 ጋር እኩል ነው ብሎ መጻፍ ነው።

ማረጋገጥ

የምንተካው በመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ ነው። በመካከል ባለ መስመር ላይ ብትተኩ ከዚያ መስመር በፊት የተሠራውን ስህተት አታገኙትም።

ግራ ጎን፦ (3·8 − 2)/4 − (8 + 3)/6 = 22/4 − 11/6 = 33/6 − 11/6 = 22/6 = 11/3

ቀኝ ጎን፦ 8/3 + 1 = 8/3 + 3/3 = 11/3

እኩል ናቸው። ግራውንና ቀኙን ለየብቻ አስሉ፤ እኩል ይሁኑ አይሁኑ ገና እያጣራችሁ ስለሆነ በመካከላቸው = አስቀድማችሁ አታድርጉ።

በዚህ ጥያቄ ላይ የሚፈጠሩት ስህተቶች

የመጀመሪያው −2·(x + 3)ን −2x + 6 ማድረግ ነው። ያኔ ግራ ጎን 9x − 6 − 2x + 6 = 7x ይሆናል፣ 7x = 4x + 12 ይመጣል፣ x = 4 ይወጣል። ይህ ስህተት አደገኛ የሆነው መልሱ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ስለሚያምር ነው። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ 4 ከምርጫዎቹ መካከል ቢቀመጥ ተማሪው ሳይጠራጠር ያከብበዋል። መተካቱ ግን ወዲያው ያጋልጠዋል፦ በx = 4 ግራ ጎን 10/4 − 7/6 = 16/12 = 4/3፣ ቀኝ ጎን ደግሞ 4/3 + 1 = 7/3። አይገጥምም።

ሁለተኛው 1ን በ12 ሳያባዙ ማለፍ ነው። «ክፍልፋይ አይደለም፣ ምን ያስፈልገዋል?» የሚል ሐሳብ ያመጣዋል። 7x − 12 = 4x + 1 ይሆንና x = 13/3 ይወጣል። ክፍልፋይን ለማጥፋት የምናባዛው ክፍልፋዮቹን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ጎን ነው፤ ከጎኑ አንድ ቁራጭ ከቀረ ሚዛኑ ተዛብቷል።

ሦስተኛው ዘዴውን እኩልታ ባልሆነ ነገር ላይ መጠቀም ነው። x/3 + x/4ን አሳጥሩ ከተባለ በ12 አባዝቶ 7x ማለት ስህተት ነው፤ መልሱ 7x/12 ነው። የእኩል ምልክት ከሌለ ሌላ ጎን የለም፣ ስለዚህ ብዜቱን የሚያመዛዝነው የለም።

ክፍልፋዩ ከቅንፍ ጋር ሲባዛ

(2/3)·(x − 3) = 1/2 − x

ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ነው፦

6 · (2/3)·(x − 3) = 6 · [ 1/2 − x ]

በግራ ጎን ያለው አንድ ቁም ነው፣ ሁለት ነገሮች የተባዙበት። 6 የሚያባዛው ይህን ቁም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 6·(2/3) = 4 ካልን በኋላ x − 3ን እንደገና በ6 ማባዛት ግራ ጎንን በ36 ማባዛት ይሆናል፤ ቀኙ ግን የተባዛው በ6 ብቻ ነው።

4·(x − 3) = 3 − 6x

4x − 12 = 3 − 6x

አነስተኛው −6x ነው። እሱን ለማጥፋት በሁለቱም ጎን 6x እንደምራለን፦

4x − 12 + 6x = 3 − 6x + 6x

10x − 12 = 3

10x − 12 + 12 = 3 + 12

10x = 15

10x/10 = 15/10

x = 3/2

መልሱ ሙሉ ቁጥር አለመሆኑ የስህተት ምልክት አይደለም። ግራ ጎን፦ (2/3)·(3/2 − 3) = (2/3)·(−3/2) = −1። ቀኝ ጎን፦ 1/2 − 3/2 = −1።

x ሲጠፋ

x/2 + x/3 = 5x/6 + 1ን በ6 ስናባዛ 3x + 2x = 5x + 6፣ ማለትም 5x = 5x + 6 ይሆናል። 5xን ከሁለቱም ጎን ስንቀንስ 0 = 6 ይቀራል። ይህ ሐሰት ስለሆነ እኩልታው መፍትሔ የለውም። ያ 1 ባይኖር ኖሮ 0 = 0 ይወጣ ነበር፤ ያኔ ማንኛውም ቁጥር መፍትሔ ነው። በሁለቱም ጊዜ x = 0 ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

ለራሳችሁ

x/2 + 2/5 = 3x/4 − 1/10

በ20 አባዙ። በመንገዳችሁ ላይ 10x + 8 = 15x − 2 ካላገኛችሁ ወደ ብዜቱ መስመር ተመለሱ። ትንሹ x በግራ ስለሆነ ከሁለቱም ጎን 10x ቀንሱና xን በቀኝ ጎን አቆዩት፤ 10 = 5x እና 5x = 10 አንድ ናቸው። x = 2 ሲወጣ ተኩት፤ ሁለቱም ጎኖች 7/5 መስጠት አለባቸው።